ጥብስና ክትፎ ለሚወድ ጎልማሳ፦ ኮሌስትሮል የሚቀንስ የ12 ሳምንት የምግብ እቅድ

የእህቴ ባል 51 ዓመቱ ነው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ማለቱ ሲነገረው በዚያው ቀን ስጋም፣ እንቁላልም፣ ጥብስም እርም አለ። አስራ አንድ ቀን ቆየ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ክትፎ ቤት ገባና እቅዱ እዚያው አበቃ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞክር ደግሞ ስጋውን ትቶ የጾም ምግብ ብቻ በላ። ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመር ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም። የጾም ወጡ የሚሰራው በሚረጋ ዘይት ነበርና።

ብዙ ወንዶች የሚወድቁት እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ስለዚህ ይህ እቅድ ስጋ አይከለክልም። መጀመሪያ የሚነካው ስጋው የሚሰራበትን ስብ ነው፤ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ይህ እቅድ ብቻውን የማይበቃቸው

ኤልዲኤል የሚባለው ጎጂ ኮሌስትሮልዎ 190 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ካጋጠመዎት፣ ወይም ስኳር ካለብዎት በምግብ ብቻ ለመቀነስ ጊዜ አይፍጁ። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እቅዱን ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ይከተሉ። የኮሌስትሮል መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነም ምግብዎን ስላስተካከሉ ብቻ አያቋርጡት። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 500 ካለፈም ጉዳዩ ቀጥታ የሐኪም ነው፤ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል።

አንድ ነገር ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እንቅርቴ (ታይሮይድ) ተመርምሯል ወይ? የእንቅርት ሥራ ሲዳከም ኤልዲኤል ከፍ ይላል። ያ ሳይታከም በሶ ብቻ መጠጣት ትርፉ ድካም ነው።

ደረጃ 1፦ የምርመራ ወረቀቱን ያንብቡ

ጠቅላላ ኮሌስትሮል የሚለውን መስመር ለጊዜው ይተዉት። ሦስት ቁጥሮች ላይ ያተኩሩ።

ኤልዲኤል የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነው። ይህ እቅድ የሚያነጣጥረው በእሱ ላይ ነው። ኤችዲኤል ተቃራኒው ነው፤ ዝቅ ሲል መጥፎ ምልክት ነው፣ በምግብ ግን ብዙም አይለወጥም። ትራይግሊሰራይድን ከፍ የሚያደርጉት ደግሞ በአብዛኛው ቢራ፣ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዳቦ ናቸው።

የእህቴ ባል ወረቀት ኤልዲኤል 168፣ ኤችዲኤል 41፣ ትራይግሊሰራይድ 200 ይል ነበር። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነበር፤ የሚረጋውን ስብ መቀነስና ቢራውን መቀነስ።

አውሮፓ የሚኖሩ ከሆነ ኤልዲኤልዎ 4.3 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። መለኪያው ሚሊሞል ስለሆነ ነው። በ38.7 ሲያባዙት እዚህ ወደምንናገርበት ቁጥር ይመጣል። ይህ ብዜት ለትራይግሊሰራይድ አይሰራም።

ወረቀቱን ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት። በመጨረሻው ደረጃ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ ዘይቱንና ቅቤውን ይቁጠሩ

ይህንን ደረጃ አይዝለሉት። ብዙ ሰው በቀን ስንት ማንኪያ ስብ እንደሚበላ አያውቅም፤ የሚያበስለው ሌላ ሰው ነውና። ቀላሉ መንገድ ከጀሪካኑ መነሳት ነው።

እህቴ ቤት አራት ሰው አለ። ባለ 5 ሊትሩ የሚረጋ ዘይት በ3 ሳምንት ያልቅ ነበር። 5000 ሚሊ ሊትሩን ለ21 ቀንና ለ4 ሰው ስናካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ወጣ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበላ ነበር ማለት ነው።

አሁን ከገደቡ ጋር እናስተያየው። ኤልዲኤል መቀነስ ለሚፈልግና በቀን 2000 ካሎሪ ገደማ ለሚበላ ሰው የሚመከረው የሚረጋ ስብ (እቃ ላይ ሳቹሬትድ ፋት ተብሎ የሚጻፈው) 13 ግራም አካባቢ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ 8 ግራም ያህል አለው። ፓልም ዘይት ከ6 እስከ 7 ግራም ይይዛል። የሱፍ ዘይት ግን 1 ግራም ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። የእህቴ ባል ቅቤና ስጋ ሳይቆጠር በዘይቱ ብቻ የቀኑን ገደብ እጥፍ ይበላ ነበር። ጾም በያዘባቸው ወራት ቁጥሩ ያልወረደውም በዚህ ነው።

የሚያደርጉት ይህ ነው፦

1. የሚረጋውን ዘይት ያቁሙ። ጠርሙሱ ወይም ጀሪካኑ ላይ ፓልም ወይም ፓልም ኦሌይን የሚል ካለ እሱ ነው። ጽሑፉ ካልታየዎት ትንሽ በብርጭቆ ቀድተው ብርድ ባለበት ክፍል ያሳድሩት። ጠዋት ከደፈረሰ ወይም ከረጋ ተጠራጠሩት። ፍሪጅ ውስጥ ግን አይሞክሩት፤ ጥሩው የወይራ ዘይትም ፍሪጅ ውስጥ ይረጋልና ያሳስትዎታል።
2. በምትኩ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል። ግን የሚጠቀሙት ግማሹን ስለሚሆን ልዩነቱ ይጠባል።
3. ለአንድ ሰው በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ ይመድቡ። ለአራት ሰው ቤት 1 ሊትር 8 ቀን መቆየት አለበት። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉ። በ5 ቀን ካለቀ አንድ ሰው ሳይለካ እያፈሰሰ ነው።

የአትክልት ቅቤና ብዙዎቹ የጾም ቅቤ ተብለው የሚሸጡ ጠጣር ቅባቶች መውጫ አይሆኑም። በክፍል ሙቀት ረግቶ የሚቀመጥ ቅባት ስሙ ምንም ይሁን ለዚህ እቅድ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ የቅቤ ሽታ ያለው ዘይት ያዘጋጁ

ወጡ ቅቤ ቅቤ ካልሸተተ አብዛኛው ወንድ ሳህኑን ይገፋዋል። ደግነቱ ከምንወደው ሽታ ብዙው የሚመጣው ከማንጠሪያ ቅመሙ ነው። ቅመሙ ደግሞ በዘይትም ይሰራል።

ለግማሽ ሊትር የሱፍ ዘይት፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በሶብላ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ።

1. ዘይቱን በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ ያሙቁ። መጨስ የለበትም።
2. ትንሽ ኮሰረት ጣል ያድርጉ። ቀስ ብሎ አረፋ ከሠራ ሙቀቱ ደርሷል። ወዲያው ከጠቆረ በዝቷል፤ አውርደው ያቀዝቅዙት።
3. ቅመሙን ሁሉ ይጨምሩና እያማሰሉ 15 ደቂቃ ያቆዩት።
4. እሳቱን አጥፍተው ይክደኑት። ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥሩት።
5. ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ፍሪጅ ያስገቡት።

ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እዚህ ዘይት ውስጥ አያስገቡ። ዘይት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀመጥ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል፤ በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም። እነሱን ወጡ ሲሠራ ይጨምሩ።

ዘይቱ ከመረረ ቅመሙ አርሯል። ማዳን አይቻልም፤ እንደገና ይሥሩት። ሽታው ደካማ ከሆነ ደግሞ ኮሰረቱ ያረጀ ነው።

ይህን ዘይት ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ለአንድ ሰው 1 የሻይ ማንኪያ ያህል ጣል ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ ካቁላሉበት ሽታው ይተናል።

ወጡ እንዴት ይሠራ ለሚለው፣ የድሮ እናቶቻችን መንገድ ይበልጣል። የከተፉትን ሽንኩርት ያለ ዘይት ድስት ውስጥ ይጨምሩ። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቁላሉት። ሲይዝ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ከዚያ በርበሬውን፣ በመጨረሻም የለኩትን ዘይት። ለአራት ሰው ድስት 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ወጡ ውሃ ውሃ ካለ ሽንኩርቱ ቶሎ ተወስዷል ማለት ነው እንጂ ዘይት አንሶት አይደለም።

ደረጃ 4፦ ስጋውን ይምረጡ፣ ቀኑን ይወስኑ

ቀይ ስጋ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንድ ጊዜ 125 ግራም ገደማ። ስጋ ቤት ሲሄዱ ሩብ ኪሎ ለሁለት ሰው ይዘዙ፤ ሒሳቡ እዚያው አለቀ።

ሥጋ ቆራጩን ጭቅና ወይም ከሽንጥ ቀዩን ብቻ ይጠይቁት። ሻኛ፣ ጎድን፣ ቅልጥምና ጮማ የተቀላቀለበት ለዚህ 12 ሳምንት ይቅር። የሚታየው ነጩ ስብ ከቢላዋው ሥር ይውጣ፤ ቤት ከገባ በኋላ "ትንሽ ነው" ተብሎ ይቀራል።

ቅቅል ለሚወዱ ጥሩ ዘዴ አለ። ዋዜማውን ይቀቅሉትና ፍሪጅ ያሳድሩት። ጠዋት ስቡ ላይ ረግቶ እንደ ክዳን ይሆናል። በማንኪያ አንስተው ይጣሉት፣ ከዚያ ያሙቁት።

ዶሮ ወጥ በራሱ ችግር የለበትም። ቆዳው በእኛ አሠራር ድሮም ይገፈፋል። ችግሩ ድስቱ ላይ የሚንሳፈፈው ቅቤ ነው። እንቁላል በሳምንት 3 ወይም 4 ይበቃል፣ ወጥ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል።

ክትፎን ቀላል ሒሳብ እንሥራለት። በሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ የተለወሰ ክትፎ ከቅቤው ብቻ 24 ግራም የሚረጋ ስብ አለው። የሁለት ቀን ገደብ ሊሞላ ምን ቀረው? ያው ክትፎ በጭቅና፣ በ1 የሾርባ ማንኪያ ቅመም ዘይት፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ፣ በደንብ በስሎ ሲሠራ ግን ገደቡ ውስጥ ይገባል። አይቡን አይፍሩት። የአገራችን አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ትንሽ ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ቢጫ አይብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 5፦ ጠዋት ገብስ ይግባ

ስብ መቀነስ ግማሹ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ኮሌስትሮልን ከአንጀት ይዞ የሚወጣ አሰር መጨመር ነው። ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አላቸው። ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፤ የአጃ ሾርባ ሲበርድ የሚያሳየው ዝልግልግነት እሱ ነው። በአንጀት ውስጥ የሐሞትን አሲድ ይይዝና ከሰገራ ጋር ያወጣዋል። ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኤልዲኤል ይስባል። የሚፈለገው በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ነው፤ 75 ግራም ገደማ ደረቅ ገብስ ወይም አጃ ይሰጠዋል።

ሲተገበር እንዲህ ነው፦ ጠዋት 5 የሾርባ ማንኪያ በሶ በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ጨው ወይም ትንሽ ማር ይበቃዋል። ቅቤ አይነካው። ከዚያ በኋላ ቀን ላይ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ። ወይም ጠዋት በአንድ ጊዜ የገብስ ቅንጬ ወይም የአጃ ገንፎ ይብሉ። የስንዴ ቅንጬ ይህን ያህል አይረዳም።

በዚህ ላይ በየቀኑ አንድ ጊዜ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ሽሮ ይጨምሩ።

መጀመሪያው ሳምንት ሆድ ከተነፋ መጠኑን በግማሽ ቀንሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ ብለው ያሳድጉት። ባቄላና ሽምብራውን አሳድረው የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉት። ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ አሰር ያለ ውሃ ሆድ ያደርቃል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከበሶው በአንድ ሁለት ሰዓት ይለዩት።

ደረጃ 6፦ የሚጠበሰውን ይተኩ

የጥብስ ፍቅር በአብዛኛው የመንኮሻኮሽ ፍቅር ነው። መንኮሻኮሽ ደግሞ ያለ ብዙ ዘይትም ይመጣል።

*ድንች።* በጣት ውፍረት ቆርጠው 5 ደቂቃ ይቀቅሉት። አጥልለው በጨርቅ በደንብ ያድርቁት። ለሁለት ሰው 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በርበሬ ያሹት። ኦቭን ካለ 220 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ከሌለ ምጣድ ላይ እያገላበጡ። ከለሰለሰ ሳይደርቅ ገብቷል፣ ወይም ተደራርቧል።

*ዓሣ።* ሙሉውን ዘይት ውስጥ ከመንከር ይልቅ ሥጋውን አስለይተው በሎሚ፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው የአጃ ዱቄት ይንስንሱበት። በጋለ መጥበሻ በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በእያንዳንዱ ጎን 4 ደቂቃ። መጥበሻው ሳይግል ከገባ ይጣበቃል።

*ሳምቡሳ።* ለረመዳን ለሚሠሩትም ይሆናል። የምስር ሳምቡሳውን ዘይት ቀብተው 200 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋግሩት።

ቦምቦሊኖና ፓስቲ ምትክ የላቸውም። ጠዋት በባዶ ሆድ ካልወጡ ፈተናቸው ይቀንሳል፤ በሶው ለዚህም ይጠቅማል።

ደረጃ 7፦ ሳምንቱን ይደልድሉ

እህቴ ቤት የተለጠፈው ይህ ነው። ጠዋት ሁልጊዜ በሶ ወይም ቅንጬ ስለሆነ አልደገምኩትም።

ሰኞ። ምሳ ሽሮ በጎመን። እራት የምስር ሾርባ በጥቁር ዳቦ።
ማክሰኞ። ምሳ ጥብስ፣ 125 ግራም ጭቅና፣ ብዙ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ በ1 ማንኪያ ዘይት። እራት ሰላጣ በተቀቀለ ሽምብራ።
ረቡዕ። በያይነቱ፣ ቤት የተሠራ። እራት የምሳው ትራፊ።
ሐሙስ። ምሳ ዓሣ በድንች። እራት ሽሮ።
ዓርብ። ምሳ ምስር ወጥ በቀይ ሥር። እራት ፉል፣ በቅቤ ፈንታ 1 የሻይ ማንኪያ ቅመም ዘይት።
ቅዳሜ። ምሳ ክትፎ በደረጃ 4 አሠራር፣ በአይብና በጎመን። እራት ቀለል ያለ የአትክልት ሾርባ።
እሁድ። ምሳ ዶሮ ወጥ፣ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል። እራት ፍራፍሬና እርጎ፣ ስቡ ከወጣለት ወተት የተሠራ።

ቅዳሜን ሆን ብዬ የክትፎ ቀን አደረግሁት። የእህቴ ባል ሐሙስ ዕለት ሲያምረው "ከነገ ወዲያ ነው" እያለ ይታገሳል። ቀን የሌለው ክልከላ ግን አይታገሱትም።

ቢራ በሳምንት ሁለት ጠርሙስ ላይ ቆመ። ቡናም ይታሰብበት። ያልተጣራ የፈላ ቡና ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት አለው። በቀን አራት አምስት ስኒ የሚጠጡ ከሆነ ወደ ሁለት ያውርዱት፣ ጀበናው በደንብ ይስከን፣ ወይም በወረቀት ማጣሪያ የወረደ ይጠጡ።

ሲሰናከል

*ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሲርብዎት፦* ምሳው ላይ ጥራጥሬ አንሷል። ለጊዜው ቆሎና አንድ ሙዝ፤ ነገ ምሳው ላይ ሽሮውን ይጨምሩ።

*ሰርግ ወይም ግብዣ ሲመጣ፦* ከቤት በሶ ጠጥተው ይውጡ። ከወጡ ላይ የሚንሳፈፈውን ትተው ከሥር ያስወጡ። ቢበዛብዎትም በማግስቱ ራስዎን አያስርቡ። የማግስቱን ዕለት እንደተጻፈው ይብሉ።

*ውጭ ሲበሉ፦* "ቅቤ የሌለው ጥብስ" ማለት አይበቃም፤ ቤቱ የሚረጋ ዘይት ሊጠቀም ይችላል። ቀይ ጥብስ፣ ዘይት ቀነስ ተደርጎ፣ ከጎን ጎመን ይዘዙ። በሳምንት አንድ ጊዜ ካለፈ ግን ቁጥሩ ላይ ይታያል።

*ፍስክ ሲገባ፦* ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። የፋሲካ ሳምንት ሁለቱን የስጋ ቀናት ከበዓሉ ቀንና ከማግስቱ ጋር ያጋጥሟቸው። ከዚያ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ወደ ዶሮ፣ ዓሣና ጥራጥሬ ይመለሱ።

ደረጃ 8፦ በ12ኛው ሳምንት ይመርመሩ

ከዚያ በፊት ደጋግሞ መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ይመርመሩ፤ ያኔ ከምርመራው በፊት ከ9 እስከ 12 ሰዓታት ምግብ ሳይቀምሱ ከነበረ አሁንም እንደዚያው ያድርጉ፤ ውሃ ይቻላል። ከተቻለ ላቦራቶሪውም ያው ይሁን።

ወቅቱንም ያስቡበት። የመጀመሪያው ምርመራ ከገና በዓል በኋላ ተወስዶ ሁለተኛው በዐቢይ ጾም 55 ቀናት መጨረሻ ላይ ከሆነ ንጽጽሩ ያታልላል። ዝቅ ያለው ቁጥር የጾሙ ይሁን የእቅዱ አይታወቅም። ሁለቱም በፍስክ ወይም ሁለቱም በጾም ይሁኑ።

የእህቴ ባል ኤልዲኤል ከ168 ወደ 139፣ ትራይግሊሰራይድ ከ200 ወደ 150 ወረደ። ኤችዲኤሉ 42 ሆነ፣ ማለትም እንደነበረ ነው። 4 ኪሎም ቀነሰ። ሐኪሙ ዕድሜውንና የደም ግፊቱን አይቶ እቅዱን ለተጨማሪ ሦስት ወር እንዲቀጥል ነገረው።

ቁጥሩ ካልወረደ ከደረጃ 2 ይጀምሩ፤ የዘይት ጠርሙሱ በስንት ቀን እንዳለቀ ይዩ። ጠርሙሱ 8 ቀን ከቆየ፣ በሶውም ካልተቋረጠ፣ ኤልዲኤሉም ከ160 በላይ ከሆነ ምክንያቱ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል። አባትዎ ወይም ወንድምዎ ዕድሜያቸው 55 ሳይሞላ የልብ ችግር ገጥሟቸው ከነበረ ይህንን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ሁለቱን ወረቀቶችም ይዘው ይሂዱ።